እትብት የተቀበረበት ቤት፦ አራተኛው ቤትና ደጃፉ

ሰው የትውልድ ቀዬውን ሲያነሳ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። ሌላ ማብራሪያ አይጨምርም። ግቢው፣ ያሳደጉት ሰዎች፣ የምድጃው ጭስ፣ የአባት ቁጣ፣ የእናት እጅ፣ ሁሉም በዚያች አባባል ውስጥ አሉ። በኮከብ ቆጠራ ይህን ሁሉ የሚይዘው የልደት ካርታ አራተኛ ቤት ነው። ብዙ ጊዜ «ቤትና ቤተሰብ» ተብሎ በሁለት ቃል ይታለፋል። እኔ ግን ካርታ ለማየት ስቀመጥ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ቤቱን ለመረዳት በቅድሚያ ደጃፉ ሰማይ ላይ የት እንደሆነ ማወቅ ይበጃል። የልደት ካርታ ማለት በተወለዳችሁባት ደቂቃ፣ ከተወለዳችሁበት ቦታ ሆኖ የታየ ሰማይ ነው። ሰማዩ በ12 ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ቤት ይባላል፣ ቤቱ የሚጀምርበት ነጥብ ደግሞ ደጃፍ። ግማሹ ከአድማስ በላይ ነው። ግማሹ ከመሬት በታች ነው፣ አይታይም። እስቲ ፀሐይን አንድ ቀን ተከተሏት። ንጋት ላይ በምሥራቅ ብቅ ትላለች፤ ያቺ ነጥብ የአንደኛው ቤት ደጃፍ ናት። ቀትር ላይ ወደ አናት ትወጣለች፤ ያ የአሥረኛው ነው። ማታ በምዕራብ ትጠልቃለች፤ ያ የሰባተኛው። ከዚያ ማንም ሳያያት ከእግራችን ሥር ታልፋለች። እዚያ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነጥብ ላይ የምትደርስበት ቦታ የአራተኛው ቤት ደጃፍ ይባላል። ግሪኮች «ከመሬት በታች» ብለው ጠሩት። በላቲን ደግሞ ኢሙም ኮይሊ፣ የሰማይ ታችኛው ጫፍ ነው። ካርታ የሚያወጡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች IC ብለው ይጽፉታል። እኔ የሰማይ ሥር እለዋለሁ።

ትርጉሙም የመጣው ከዚሁ አቀማመጥ ነው። ቀትር ላይ ሰው አደባባይ ነው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ሁሉ ያየዋል። እኩለ ሌሊት ላይ በሩ ተዘግቷል። ውጭ ያለው ሰው የማያየው ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። አሥረኛው ቤት ሰው ስለ እናንተ የሚያውቀው ከሆነ፣ አራተኛው አብረዋችሁ ያደሩ ብቻ የሚያውቁት ነው።

ደጃፉን እንዴት እንደሚያነቡት ልንገራችሁ። ሦስት ነገር ነው የሚታየው፤ ቅደም ተከተሉም አለው።

መጀመሪያ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው ኮከብ ነው። እዚህ ኮከብ ስል 12ቱን ማለቴ ነው፤ ከሐመል እስከ ሑት ያሉትን። ይሄ የቤቱን አየር ይናገራል። ስትገቡ የሚቀበላችሁ ሽታ በሉት። ሸርጣን ያለበት ደጃፍ የእናት ጓዳ ይሸታል። ጀዲ ያለበት ቤት ሥርዓት አለው፤ ልጅ ቶሎ ይጎለምሳል፣ ጨዋታ ከሥራ በኋላ ነው። ገውዝ ያለበት ቤት ወሬ አይጠፋበትም፤ ሬዲዮ ይጮኻል፣ ወንድምና እህት ይከራከራል።

ሁለተኛው የቤቱ ጌታ ነው። እያንዳንዱ ኮከብ ጌታ የሚሆን ፕላኔት አለው። ሐመልና አቅራብ የማርስ ናቸው። ሠውርና ሚዛን የቬነስ፣ ገውዝና ሰንቡላ የሜርኩሪ፣ ቀውስና ሑት የጁፒተር፣ ጀዲና ደለዊ የሳተርን። ሸርጣን የጨረቃ፣ አሰድ የፀሐይ። የደጃፋችሁን ኮከብ ጌታ ፈልጉና በካርታው ውስጥ የትኛው ቤት እንደገባ እዩ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ይህን ይዘላል። እኔ ግን ከሦስቱ የበለጠ የምተማመነው በእሱ ነው። ኮከቡ የቤቱን አየር ይነግራችኋል፤ ጌታው ደግሞ የቤቱ ልብ የት እንደነበረ ይነግራችኋል። ጌታው ስድስተኛ ቤት ከሆነ፣ ቤቱ በሥራ ወይም በበሽተኛ ዙሪያ የዞረ ነበር። ዘጠነኛ ቤት ከሆነ ዓይኑ ሩቅ አገር ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም መስጊድ ላይ ነበር።

ሦስተኛው ነዋሪው ነው። አራተኛው ቤት ውስጥ የገባ ፕላኔት ካለ፣ እሱ በቤቱ ውስጥ ድምፁ የሚሰማ ሰው ነው። ሳተርን ከገባ፣ ጥብቅ ወይም የሌለ ወላጅ፣ ወይም ለታናናሾቹ አባት የሆነ ታላቅ ልጅ ይነበባል። ኡራኑስ ከገባ ቤት መቀያየር፣ ድንገተኛ መለያየት። ቤቱ ባዶ ቢሆንስ? ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ «ቤተሰብ የለኝም ማለት ነው?» ይለኛል። አይደለም። ፕላኔቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ቤቶቹ 12 ናቸው። ባዶ ቤት የሁሉም ሰው ካርታ ላይ አለ። ባዶ ሲሆን ሥራው ወደ ጌታው ይዞራል፤ እሱን ተከተሉ።

ከእነዚህ ጎን ሁልጊዜ ጨረቃን አያለሁ። ጨረቃ ደጃፉ ላይ ባትሆንም የእናትነትና የመታቀፍ ምልክት ናት። ለምን እንደማነሳት ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

ይህ ሁሉ ግን የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በልደት ሰዓት። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለች። ስለዚህ የሰማይ ሥር በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ገደማ ይንቀሳቀሳል። በሁለት ሰዓት ገደማ ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላ ይሻገራል። ፀሐይ በአንድ ኮከብ ውስጥ ወር ትቆያለች፤ ደጃፉ ግን አንድ ፊልም ታይቶ እስኪያልቅ ድረስ ተቀይሯል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ወጥመድ አለው። የእኔን ልንገራችሁ። ከተወለድኩበት ሆስፒታል የተሰጠችው ወረቀት ጥር 12 ቀን 1980 ዓ.ም. 9፡00 ሰዓት ትላለች። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀየርኩት፤ ጃንዩዋሪ 21 ቀን 1988 ሆነ። ሰዓቱን ግን እንዳለ ጠዋት 9፡00 ብዬ አስገባሁት። ቦታ፣ አዲስ አበባ። የሰማይ ሥር ገውዝ 10ኛ ዲግሪ ላይ ወጣልኝ። ወሬኛ ቤት፣ መጽሐፍ የሚበዛበት ቤት። እኛ ቤት መጽሐፍ ቅዱስና የትምህርት ቤት ደብተር እንጂ ሌላ የሚነበብ አልነበረም። የእኔ ቤት አልመሰለኝም፤ ግን ወረቀት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለሁለት ዓመት ያንን ካርታ ይዤ ኖርኩ።

አንድ ቀን ቡና እየጠጣን እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው የወለድሽኝ?»

«እኔ ምን ሰዓት አየሁ ልጄ። የቃና ዘገሊላ ነው። ዶሮ ሲጮኽ።»

«የቃና ዘገሊላ ለት ማታ ነው ወይስ ለቃና ዘገሊላ አጥቢያ?»

«አጥቢያ ነው እንጂ! የጥምቀቱ እንግዳ እንኳ ገና ቤት ውስጥ ነበር። ምንጣፍ አንጥፈውላቸው ተኝተው፣ እኔ ምጥ ላይ።»

ስለዚህ 9፡00 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ 3፡00። ስድስት ሰዓት ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ስድስት ሰዓት የቀን ሩብ ነው፤ 90 ዲግሪ። ካርታው በሩብ ዙር ዞሯል። ከመሬት በታች የነበረው ነጥብ በስድስት ሰዓት ውስጥ ወደ ምሥራቅ አድማስ ይወጣል። ማለትም ጓዳዬ የነበረውን ፊቴ ላይ ለጥፌው ነበር።

አስተካክዬ ሳስገባው የሰማይ ሥር ሑት 7ኛ ዲግሪ ላይ ወረደ። ሑት ግድግዳው ስስ የሆነ ቤት ነው። እንግዳ ይገባል፣ እንግዳ ያድራል፣ ጸሎት አለ፣ የማን ዕቃ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጌታው ጁፒተር አምስተኛው ቤት ውስጥ ነው፤ የልጆች ቤት። የእኛ ግቢ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚውልበት ነበር። ቬነስ ደግሞ ልክ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ በየበዓሉ ቄጠማ ሳትጎዘጉዝ፣ ረከቦቱን ሳትወለውል ቡና አታፈላም። ችግር በነበረበት ዓመት እንኳ ይህ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ያንን ካርታ አልተጠራጠርኩትም።

ግን ልብ በሉ። እናቴ ሰዓት አላየችም፤ ወረቀቱም 9፡00 ብሎ ሳይሞላ የቀረውን ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ከግማሽ ሰዓት በፊት ተወልጄ ቢሆን፣ ደጃፌ ደለዊ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ያኔ ጌታው ሳተርን ይሆናል፣ ንባቡም ሌላ ነው። ስለዚህ እንዲህ እመክራለሁ። ሰዓታችሁን ስታስገቡ መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይሩት። ሌሊት ከሆነ የየትኛው ቀን ሌሊት እንደሆነ «አጥቢያ» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ እያላችሁ ሞክሩ። ኮከቡ ካልተቀየረ ንባቡን ማመን ይቻላል። ከተቀየረ ሁለቱንም ያዙ።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከእግራችን ሥር የምትሆነው ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። ሰዓታችን የተቆረጠው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። አዲስ አበባ ግን 38 ዲግሪ ከ45 ላይ ናት። ልዩነቱ 6 ዲግሪ ከሩብ ነው፤ በ4 ደቂቃ ስታባዙት 25 ደቂቃ። ፕሮግራሙ ይህን ራሱ ያሰላዋል። ግን የተወለዳችሁበትን ከተማ በትክክል ካላስገባችሁ አያውቅላችሁም።

አሁን ሁሉም ወደሚያውቃት ሰው እንሂድ፤ ወደ ልዕልት ዳያና። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳያና የተወለደችው ጁላይ 1 ቀን 1961 ነው፤ ሳንድሪንግሃም ውስጥ ፓርክ ሃውስ በተባለ ቤት። ዛሬ አብዛኛው ኮከብ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ሰዓት ማታ 7፡45 ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ45። በዚህ ሰዓት የሰማይ ሥር ሐመል 23ኛ ዲግሪ ላይ ነው። ሐመል እሳት ነው። ሰላም ያለው ደጃፍ አይደለም፤ ሰው የሚጣላበት፣ ሰው ተነስቶ የሚሄድበት ደጃፍ ነው። ቤቶቹን ለመከፋፈል በተለመደው፣ ፕላሲደስ በሚባለው ዘዴ፣ አራተኛው ቤት ውስጥ ነዋሪ ፕላኔት የለም። ስለዚህ ጌታውን እንከተል። የሐመል ጌታ ማርስ ነው። ማርስ ሰንቡላ ውስጥ፣ ስምንተኛው ቤት ገብቷል። አጠገቡ ከ5 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ፕሉቶ አለ።

ስምንተኛው ቤት የሞትና የውርስ ቤት ነው። የዳያናን ቤተሰብ ታሪክ እዩ። ከእሷ በፊት ሁለት እህቶች ነበሯት። ቤተሰቡ ማዕረግ የሚወርስ ወንድ ልጅ ይፈልግ ነበር። በጃንዩዋሪ 1960 ጆን የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደ፤ በሰዓታት ውስጥ ሞተ። ከዓመት ተኩል በኋላ ዳያና መጣች። ወንድ ስትጠበቅ ሴት ሆና። ቤቱ ከመሠረቱ ሞትና ውርስ የተቀበሩበት ቤት ነው። ወላጆቿ በ1967 ተለያዩ፣ በ1969 ተፋቱ። ልጆቹን ማን ያሳድግ በሚለው ፍርድ ቤት ተካሰሱ። የእናትየዋ የራሷ እናት ከአማቻቸው ጎን ቆሙ፤ ልጆቹ ለአባትየው ተፈረዱ። ማርስና ፕሉቶ አንድ ላይ የሚሉት ይህን ነው፤ እስከ መጨረሻው የሚሄድ የሥልጣን ትግል።

ንባቡ ይገጥማል አይደል? አሁን ወደ ሌላው ሰዓት ኑ።

ከ7፡45 በፊት ሌላ የልደት ሰዓት ሲነገር ነበር፤ ከቀኑ 2፡00፣ በእኛ 8 ሰዓት። በዚህ ሰዓት ካርታውን ስታወጡት የሰማይ ሥር ጀዲ 23ኛ ዲግሪ ላይ ይሆናል። ጌታው ሳተርን ነው። ሳተርንም በዚያን ቀን እዚያው ጀዲ ውስጥ፣ ከደጃፉ 5 ዲግሪ ሳይርቅ ነበር። ቀዝቃዛ ትልቅ ቤት። ማዕረግና ግዴታ ከፍቅር የሚቀድምበት ቤት። ብቻዋን የምታድግ ልጅ። ይህም ይገጥማል!

ይህን ሳገኘው ረጅም ጊዜ አሰብኩበት። ሁለት የተለያዩ ካርታዎች፣ ሁለቱም የአንዲት ልጅ ቤት ይመስላሉ። ታሪኩን ቀድሞ የሚያውቅ አንባቢ የትኛውንም ደጃፍ ከታሪኩ ጋር ማጋጠም ይችላል። ኮከብ ቆጠራን እወዳለሁ፣ ለዓመታትም ተምሬዋለሁ። ግን ሳይንስ እንዳላረጋገጠው አውቃለሁ፣ ለሚጠይቀኝም ሰው እነግረዋለሁ። የገጠመ ሁሉ ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ ሰዓት ሲያጠራጥር ምን ይያዛል? ለዚህ ነው ጨረቃን ያነሳኋት። ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትሄዳለች። በ2፡00 እና በ7፡45 መካከል የተንቀሳቀሰችው 3 ዲግሪ ነው። በሁለቱም ካርታ ደለዊ ውስጥ ናት። በሁለቱም ፊት ለፊቷ፣ አሰድ 23ኛ ዲግሪ ላይ ኡራኑስ ቆሟል። ከሁለቱም ጋር ቬነስ ከሠውር በ90 ዲግሪ ትጋጫለች። ጨረቃ የመታቀፍ ምልክት ናት ብለናል፤ ኡራኑስ ድንገት የሚቆርጥ ነው። ስድስት ዓመት ሆኗት እናቷ ከቤት የወጣችባት ልጅ ምስል እዚህ አለ፤ ሰዓቱ የትኛውም ቢሆን። ሰዓታቸውን የማያውቁ ሰዎች ሲመጡልኝ ስለ ቤታቸው የማወራቸው ከጨረቃ ተነስቼ ነው። ደጃፉን እተወዋለሁ።

ሌላው መፈተኛ በጊዜ ሰሌዳ ማየት ነው። ሰማይ ላይ የሚያልፉት ፕላኔቶች ደጃፉን የሚነኩት መቼ ነው? ሳተርን ከ1967 እስከ 1969 ሐመል ውስጥ ነበር። ወላጆቿ የተለያዩትና የተፋቱት በነዚሁ ዓመታት ነው። 23ኛውን ዲግሪ በ1968 ረገጠው፣ ወደኋላ ተመልሶ በ1969 መጀመሪያ ላይ እንደገና አለፈበት። በ7፡45ቱ ካርታ ይህ ልክ ደጃፉ ላይ ነው። በ2፡00ው ካርታ ግን ደጃፉን ከጎን፣ በ90 ዲግሪ ነው የሚነካው። ደጃፍ ላይ መቆም ከጎን ከመንካት ይበረታል ይባላል። ስለዚህ እኔ ወደ 7፡45 አደላለሁ። ማድላት ነው እንጂ ማረጋገጫ አልለውም። ሁለቱም ደጃፎች ተመሳሳይ ዲግሪ ላይ በመዋላቸው ሳተርን ሁለቱንም ነክቷልና።

ቤቶቹን በሌላ ዘዴ ብትከፋፍሉ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። አንድ ኮከብ አንድ ሙሉ ቤት የሚሆንበት ጥንታዊ ዘዴ አለ። በዚያ ዘዴ የ7፡45ቱ ካርታ አራተኛ ቤት ሑት ይሆናል፤ የሰማይ ሥር ግን ሐመል ውስጥ፣ አምስተኛው ቤት ላይ ይወድቃል። ቤቱና ደጃፉ ይለያያሉ። ግራ እንዳትጋቡ፤ እንዲህ ሲሆን ለሥር ለመሠረት የሰማይን ሥር፣ ለዕለት ኑሮ ደግሞ ቤቱን አነባለሁ።

አሁን ብዙ የሚያከራክረው ጥያቄ። አራተኛው ቤት የእናት ነው ወይስ የአባት?

የድሮዎቹ መልስ አባት ነው። በ1647 የጻፈው እንግሊዛዊው ዊልያም ሊሊ አራተኛውን ቤት ለአባት፣ ለመሬት፣ ለቤትና ለእርሻ፣ ለተቀበረ ሀብትና ለማንኛውም ነገር ፍጻሜ ይሰጠዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእነሱ አገር መሬትና ስም የሚወረሰው በአባት በኩል ነበር። እናት አሥረኛው ቤት ተሰጣት። የሕንድ ኮከብ ቆጠራ ግን አራተኛውን ለእናት ይሰጣል። የምዕራቡ ዓለም ዘመናዊ ኮከብ ቆጣሪዎችም ብዙዎቹ ወደ እናት ዞረዋል፤ አራተኛውን ቤት ከአራተኛው ኮከብ ከሸርጣን፣ ሸርጣንንም ከጨረቃ ጋር ስላያያዙ።

እኔ የማስበው በርስት ነው። በአማራው አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። ሰው ዘሩን ቆጥሮ በየትኛውም በኩል «ድርሻ አለኝ» ብሎ መሬት ይጠይቃል። መሬቱን የሚሰጠው የወላጁ ፆታ ሳይሆን ሥሩ ነው። አራተኛውን ቤትም እንዲሁ አነባለሁ። «እናት ነሽ አባት?» ብዬ አልጀምርም። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ሲመሽ ቤቱ የማን ነበር? ምሰሶው ማን ነበር? ያ ሰው አራተኛው ቤት ነው፤ ሌላው ወላጅ ፊት ለፊቱ አሥረኛው ላይ ይታያል። አያት ያሳደገችው ልጅ ካርታ ላይ አያት ምሰሶ ሆና ትገኛለች። በዳያና ካርታ እናት ወጥታለች፤ ቤቱ ውስጥ የቀረው አባት ነው። ስለዚህ ማርስን ለአባትየውና እሱ ላሸነፈበት ክርክር እሰጣለሁ። አሥረኛው ደጃፏ ሚዛን ነው፣ ጌታው ቬነስ። ያቺ ከጨረቃና ከኡራኑስ ጋር የምትጋጨው ቬነስ። የሄደችው እናት እዚያ አለች።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱትን አንድ ነገር ልናገር፤ ስሰማው ያመኛል። «ሳተርን አራተኛ ቤቴ ነው፣ ስለዚህ እናቴ ክፉ ነበረች» የሚል ሰው አለ። ካርታው የእናንተ ነው፤ የእናታችሁ አይደለም። የሚያሳየው ልጁ ቤቱን እንዴት እንደቀመሰው ነው። ስድስት ወንድማማች ከአንድ ማኅፀን ወጥተው ስድስት የተለያየ ደጃፍ ይኖራቸዋል። ለበኩሩ አባት ጎረምሳ፣ ደሞዙ ትንሽ፣ እጁ ፈጣን ነበር። ለመጨረሻዋ ልጅ ያው አባት ጡረታ ወጥቶ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በዓል ላይ ስለ አባታቸው ሲያወሩ ስለ ሁለት ሰው የሚያወሩ የሚመስለው ለዚህ ነው። አንድ ቤተሰብ ካርታውን ሁሉ ካመጣልኝ፣ ደጃፎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ «ይሄ ያንተ ቤት ነበር፣ ይሄ የእሷ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ክርክሩ እዚያ ላይ ይበርዳል።

ሌላም የማይገናኝ ነገር አለ። በአገራችን የቆየው የአውደ ነገሥት ቆጠራ ኮከብን የሚያወጣው ከሰው ስምና ከእናት ስም ፊደላት ቁጥር ነው፤ ተደምሮ በ12 ይገደፋል። የሚገርመው እዚያም ወደ ሥር መመለሻው እናት ናት። ግን በስም የወጣው ኮከብ ከልደት ሰዓት ጋር ግንኙነት የለውም። «ኮከቤ አሰድ ነው» ብላችሁ ያንን የአራተኛው ቤት ደጃፍ ላይ አታስቀምጡት። መንገዱ ሌላ ነው፣ አይደባለቅም።

ከሊሊ ዝርዝር ውስጥ ዛሬ ብዙ ሰው የረሳው አንድ ነገር ቀርቷል፤ ፍጻሜ። ለጥንቶቹ አራተኛው ቤት መቃብርም ነው። ፀሐይ ከመሬት በታች የምትደርስበት ቦታ፣ ሰውም የሚመለስበት ቦታ ነው። እትብት የተቀበረበትና ሰው የሚቀበርበት አንድ ቤት ውስጥ ናቸው።

ዳያና ያደገችበት ፓርክ ሃውስ የቤተሰቧ ርስት አልነበረም፤ በንጉሣውያኑ መሬት ላይ የተከራዩት ቤት ነው። አባቷ በ1975 ማዕረጉን ሲወርስ ነው ወደ አልቶርፕ፣ ወደ ስፔንሰሮች የአባት የአያት መሬት የተዛወሩት። ያኔ 14 ዓመት ሊሆናት ነበር። በ1981 አግብታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ኑሮዋ በዓለም ሁሉ ዓይን ፊት፣ ቀትር ላይ ሆነ። በ1997 ስትሞት የተቀበረችው ከነገሥታቱ ጋር አይደለም። አልቶርፕ ውስጥ አንድ ሐይቅ አለ፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ደሴት። ዛፍ ከቧታል። እዚያ፣ በአባቷ መሬት ላይ አስቀመጧት።